መርሳት የጀመረች እናት ያልረሳችውን ዘፈን እንዴት እናገኘዋለን

እማዬ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን ታነሳለች። «በሉ እንግዲህ መሸብኝ፣ ልሂድ፣ እናቴ በር በሩን እያየች ነው» ትላለች። እናቷ ካረፉ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን «እማዬ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው» እያልን እንከራከራት ነበር፣ እሱ ይብስ ያስቆጣታል፣ በሩን ስንቆልፈው ደግሞ «አሰሩኝ» ብላ ታለቅሳለች፣ እንዲ እንዲ እያለ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቤቱ በሙሉ ይታመሳል። አልዛይመር ወይም ሌላ ዓይነት የመርሳት በሽታ ያለበት ወላጅ ያላችሁ ይሄን ሰዓት ታውቁታላችሁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሚመጣ ጭንቀት ነው፣ የቀኑ ድካምም የብርሃኑ መቀነስም ያባብሰዋል።

እዚ ላይ መጻፍ የፈለኩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በዛ ሰዓት የወጣትነት ዘፈን እንዴት ሊያረጋጋ እንደሚችል፣ በተለይ ደግሞ ትክክለኛው ዘፈን እንዴት እንደሚገኝ። ምክንያቱም ብዙ ሰው «የድሮ ዘፈን ከፈትኩላት ዞራም አላየችው» ብሎ ይተወዋል፣ እኛም ልንተወው ነበር።

እኛ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ 60 ምናምን ዘፈን ሰብስባ ላከችልን፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሁሉም እኛ ልጆች እያለን ቤታችን ውስጥ ካሴት ላይ ሲዘፈን የምናውቀው ነው። ከፈትንላት። እኛ እንባችን መጣ፣ እሷ ግን የነጠላዋን ጥለት እያጣጠፈች ቀጠለች፣ ትንሽ ቆይታ «ይሄን ነገር ዝጉት ሰው ይመጣል» አለች። እህቴ በቪዲዮ እያየች ነበር፣ በጣም ከፋት።

ስህተቱ በኋላ ነው የገባን። እነዛ ዘፈኖች የኛ የልጅነት ዘፈኖች ናቸው። እሷ ያን ካሴት ስትሰማ የአርባ ዓመት ሴት ነበረች፣ ወጥ እየሠራች፣ ልጅ እያጠበች፣ ነገ ስለሚከፈል ኪራይ እያሰበች። እኛ ውስጥ የገባውን ያህል እሷ ውስጥ አልገባም። ብዙ ልጆች እዚህ ጋር ነው ሚሳሳቱት፣ እናታቸው ወጣት ሆና በነሱ ዓይን የታየችበትን ዘመን የእናታቸው ወጣትነት ያደርጉታል፣ የሷ ወጣትነት ግን እነሱ ከመወለዳቸው በፊት ያለቀ ነው።

ለምን የወጣትነቱ እንደሚሻል ላስረዳ፣ ቀለል አድርጌ። ሰው ሸምግሎ ወደኋላ ሲያስብ ትዝታው በሁሉም ዕድሜው ላይ እኩል አይበተንም፣ ከ10 ዓመት ገደማ እስከ 25 እና 30 ባለው ጊዜ ላይ በብዛት ተከማችቶ ይገኛል። የመጀመሪያው ሁሉ እዛ ውስጥ ነው፣ መጀመሪያ ከቤት መውጣት፣ መጀመሪያ መውደድ፣ ማግባት፣ መውለድ። ዘፈን ላይ ደግሞ ይሄ ነገር ወደ ልጅነቱ ይጠጋል፣ የአሥራዎቹ ዕድሜ ዘፈን ነው በደንብ ሚተከለው። በዛ ላይ አንድን ዘፈን በዛ ዕድሜ የምንሰማው አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ ነው፣ እየጨፈርን፣ እያጨበጨብን፣ ከጓደኛ ጋር ነው። ስለዚህ ጆሮ ላይ ብቻ ሳይሆን እግር ላይም፣ እጅ ላይም፣ አፍ ላይም ይቀመጣል።

አልዛይመር ደግሞ አንጎልን ሁሉን ቦታ ባንዴ አያጠቃም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሂፖካምፐስ ከሚባለውና አዲስ ነገር ከሚመዘግበው ቦታ፣ እና ከሱ ጎን ካለው ነው። ለዛ ነው ጠዋት ምን እንደበላች የማታውቅ እናት የዛሬ 60 ዓመት የሆነውን የምታወራው። በ2015 እ.ኤ.አ. ጀርመን ላይፕዚግ ያሉ ተመራማሪዎች ጥሩ ነገር ሠርተዋል፣ ጤነኛ ወጣቶች ለረጅም ጊዜ የሚያውቁትን ዘፈን ሲሰሙ አንጎላቸው ውስጥ የትኛው ቦታ እንደሚሠራ አዩ፣ ከዛ ያንን ቦታ የአልዛይመር በሽተኞች አንጎል ካርታ ላይ ደርበው ሲያዩት ከሌላው ቦታ አንፃር ብዙም ያልተጎዳ ሆኖ አገኙት። እንቅስቃሴን ከሚያሰናዳው ክፍል አጠገብ ያለ ቦታ ነው። ልብ በሉ፣ በሽታው እዛ አይደርስም ማለት አይደለም፣ ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። ለኛ ግን ያ የዘገየበት ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሂሳቡ እንሂድ። የወላጃችሁን የልደት ዓመት ያዙ፣ በትክክል ካልታወቀም በግምት፣ ከዛ 10 ደምሩ፣ 25 ደምሩ። እማዬ የተወለደችው በ1938 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ የሷ ዘመን ከ1948 እስከ 1963 ነው። አሁን ይሄን ከዘፈን ታሪካችን ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያዎቹን የግል ሸክላዎች ያሳተመው አምሃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው በ1961 ገደማ ነው፣ ያኔ እማዬ 23 ዓመቷ ነው። ካሴት ደግሞ በየቤቱ የገባው ከዛም በኋላ ነው። ቴሌቪዥን ሀገራችን ሲጀመር 1957 ነው፣ እሱም ለአዲስ አበባ፣ ለዛውም ላለው ሰው። ማለትም የሷ ዘመን አብዛኛው ያለ ሸክላ፣ ያለ ካሴት፣ ያለ ቲቪ ያለፈ ነው። የእህቴ 60 ዘፈን በሙሉ ከዘመኗ ጫፍ ላይ ወይም ከሱ በኋላ ነው የወደቀው።

ሂሳቡ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የት ነበረች የሚለውም ይጨመርበት። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የተማረ፣ ሀገር ፍቅር ትያትር የገባ፣ የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ በሬዲዮ የሰማ አባት ካላችሁ የጥላሁን የመጀመሪያ ዘመን ዘፈኖች ለሱ ልክ ናቸው፣ ይሄን አልክድም። እማዬ ግን ከደሴ ወጣ ብሎ ገጠር ነው ያደገችው፣ 15 ዓመቷ ላይ ተዳረች፣ አዲስ አበባ የመጣችው በ22 ዓመቷ ነው። ሬዲዮ በቀበሌው አልነበረም። ታዲያ ያኔ ምን ትዘፍን ነበር?

ይሄን እሷን መጠየቅ አይቻልም፣ እኛም አናውቅም፣ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ደሴ ያሉት አክስቴ፣ የእማዬ ታናሽ። ደወልኩላቸው። መጀመሪያ «እትዬ፣ እማዬ ምን ዘፈን ትወድ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ ዘፈን የት አለ» አሉኝ። ጥያቄው ነው የተበላሸው። ዘፈን ሲባል እሳቸው የሚገባቸው የካሴቱ ነው። ስለዚ ሥራውንና በዓሉን እየጠራሁ መጠየቅ ጀመርኩ። ወፍጮ ስትፈጩ ምን ትሉ ነበር? እንቁጣጣሽ ሲመጣ ማን ማን ነበራችሁ? ሰርግ ላይ ሙሽራ ስትወጣ ማን ነው የሚያወጣው፣ ማን ነው የሚቀበለው? እዚህ ላይ አክስቴ ሳቅ ብለው «እሷማ አውጪ ነበረች እኮ! እኛ ተቀባይ ነን፣ ከሷ ድምፅ ማን ያወጣል» አሉ። 50 ዓመት ከእናቴ ጋር ስኖር ይሄን አላውቅም ነበር።

እስቲ አስቡት፣ ይሄ ቀላል ወሬ አይደለም። የኛ ሀገር የልጅነት ዘፈኖች አብዛኞቹ አውጪና ተቀባይ አላቸው። ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ስትል አንዷ፣ ሌሎቹ ለምለም ይላሉ። ወንዶቹ በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ ሌላው ሆ! ይላል። አካባቢው ይለያያል፣ ዋግ ከሆነች ሻደይ ነው፣ ላስታ ከሆነች አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ከሆነች ሶለል። አንዲት ቃል ብቻ በትክክለኛው ሰዓት መመለስ ስለሆነ ተቀባይ መሆን ቋንቋ እየጠፋበት ላለ ሰው በጣም ቀላል ነው፣ ዓረፍተ ነገር መገንባት አያስፈልገውም፣ ምቱ ራሱ ቃሉን ይጎትተዋል። ከሽማግሌ አባታችሁ ጋር አንዴ ሞክሩት፣ ሆያ ሆዬ ብላችሁ ዝም በሉ።

አክስቴን ለመንኳቸውና ጎረቤት ካሉ ሁለት እኩዮቻቸው ጋር ሆነው፣ እያጨበጨቡ፣ 12 ደቂቃ የሚሆን በስልክ ቀድተው ላኩልን። የሰርግም አለበት፣ የእንቁጣጣሽም፣ መሃል ላይ ሳላቸውና «ቆይ ቆይ እሱ አይደለም» የሚሉት ሁሉ አለበት። በእውነት ከ60ው ዘፈን ይሄ 12 ደቂቃ ይበልጣል። የአነጋገር ዘዬው የሀገሯ ነው፣ ድምፁ የእህቷ ነው፣ ፍጥነቱ የሷ ነው። ዘመድ በሕይወት ያላችሁ ይሄን ነገር ነገ ዛሬ ሳትሉ ቅዱ፣ ስቱዲዮ አያስፈልገውም፣ የስልኩ መቅጃ ይበቃል፣ ስልኩን ጭብጨባው እንዳይጮህበት ትንሽ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ከዛ መሞከር ነው። ሙከራውን በመጥፎው ሰዓት አታድርጉት፣ ጠዋት ቁርስ ከበላች በኋላ፣ ደህና ሆና ስትቀመጥ አድርጉት፣ አንድ ቀን አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ብቻ። እና «ትወጂዋለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ እዩ። እኛ ያየነው እንደዚ ነው፣ የእህቷ ድምፅ ሲጀምር እማዬ እጇ ጥለቱ ላይ ቆመ። ከዛ የግራ እግሯ አውራ ጣት ጫማዋ ውስጥ ይነሳል ይወርዳል። ከዛ ከንፈሯ። ድምፅ የለውም፣ ግን ቃሉን እየቀደመችው ነው፣ እነሱ ከማለታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ አፏ ቅርፁን ይሠራል። ይሄ መቅደም ነው ዋናው ምልክት፣ ዘፈኑን ታውቀዋለች ማለት ነው፣ ዝም ብላ ደስ ብሏት ብቻ አይደለም። አንድን ዘፈን በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ሞክሩና ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ካደረገች ያዙት። እኛ እንዲ እያልን የያዝነው 7 ብቻ ነው። ሰባት ይበቃል።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ብዙ ሰው ስህተት ሚሠራው ጭንቀቱ ከመጣ በኋላ ዘፈን በመክፈት ነው። ያኔ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፣ ዘፈኑም ከጫጫታው ጋር ተጨማሪ ጫጫታ ነው የሚሆንባት፣ ባስ ሲልም ዘፈኑና ጭንቀቱ ይያያዙባትና በሌላ ጊዜም ስትሰማው ትረበሻለች። በዚህ ላይ የሠሩ ነርሶች የሚመክሩት ጭንቀቱ ከሚመጣበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መጀመር ነው፣ ለ30 ደቂቃ ያህል። ሰዓቱን ለማወቅ አንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ መቼ ተነሳች፣ መቼ ተረጋጋች፣ ከዛ በፊት ምን ነበር። እኛ ስንጽፍ ከሰባቱ ቀን አምስቱን የጀመራት ከ10 ሰዓት ከ50 እስከ 11 ከሩብ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት ከ20 ሲሆን መብራት እናበራለን፣ መጋረጃ እንዘጋለን፣ ቲቪው ይጠፋል፣ ቡና ሲቆላ እያሸተተች አጠገቧ ቁጭ እንላለን፣ ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ቡናዋን ግን አንድ ስኒ፣ ያውም ቀጠን አድርገን ነው፣ ካለዛ ሌሊቱን አትተኛም።

ስለ ድምፁ ሁለት ሦስት ነገር ልበል፣ ትንሽ ቢመስልም ሁሉን የሚያበላሸው ይሄ ነው። ከዩቲዩብ በቀጥታ አትክፈቱ፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ማስታወቂያ ይገባና በሚያስደነግጥ ድምፅ ይጮሃል፣ አንድ ቀን እማዬ ያዘችውን ስኒ ጥላዋለች፣ ከዛ በኋላ ያን ቀን ማረጋጋት አልተቻለም። ኢንተርኔት ሳይፈልግ በሚከፈት መልኩ ስልኩ ላይ ይኑር፣ ሲያልቅም ራሱ ወደ ሌላ ዘፈን እንዳይሄድ አጥፉት። ድምፅ መጨመርም አይረዳም። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ቀጭኑን ድምፅ ነው አስቀድሞ የሚወስደው፣ ስለዚህ ስትጨምሩት ወፍራሙ ብቻ እየጮኸ ቃሉ አሁንም አይሰማም። ቀርቦ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ካላት አድርጉላት፣ ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ እንደሆነም አሳዩ፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሄድፎን ከሆነ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ትልቁ ይሻላል፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን አብዛኞቹ አውልቀው ይጥሉታል።

ወላጃችሁ የከተማ ሰው ሆኖ ዘፈኑ የሸክላ ዘመን ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጂ ፈልጉ። ብዙ ዘፋኞች የድሮ ሥራቸውን በኋላ በካሴት እንደገና ሠርተውታል፣ ዜማው ያው ነው ግን መግቢያው በኪቦርድ ነው። አባት የሚያስታውሰው መግቢያ ላይ የሚነፋውን ሳክስና ትራምፔት ነው፣ ያ ከሌለ ዘፈኑ እስኪገባው ግማሽ ይሄዳል። የሸክላው መንሿሿት ሳይቀር ይርዳው ይሆናል፣ «አጽድቼ ላምጣለት» ብላችሁ አትድከሙ።

መዝሙርን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ትልቅ ጠብ ያስነሳው እሱ ነው። አንድ ቀን የሰርጉን ከፈትንና እማዬ በቁጣ ቀላች፣ «በጾም! በሁዳዴ ዘፈን ትከፍታላችሁ!» አለች። ቀኑን አታውቅም፣ ወሩን አታውቅም፣ ግን ቤቱ ውስጥ የሽሮው ሽታ፣ ሰው ነጠላ ለብሶ ከቤተክርስቲያን ሲገባ ማየቷ፣ ጾም መሆኑን ነግሯታል። ትክክል እሷ ነበረች። ከዛ በኋላ ሁለት ስብስብ አደረግን፣ የጾምና የፍስክ። ለጾሙ የዛሬውን በኪቦርድ የሚዘመር መዝሙር ሞከርን፣ ዝም አለች፣ እሷ ልጅ እያለች እንዲህ ያለ መዝሙር አልነበረማ። የበገና ስንከፍት ግን አቀርቅራ ሰማች፣ የቅዳሴ ቀረጻ ስንከፍት ደግሞ ሕዝቡ በሚመልስበት ቦታ ላይ እሷም በግዕዝ መለሰች፣ ትርጉሙን ትወቅ አትወቅ እንጃ፣ ቦታውን ግን አልሳተችም። እዛም ያው ነው፣ አውጪና ተቀባይ። የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ይሄን ቦታ መንዙማው ይይዘዋል፣ እዛም ሕዝቡ የሚቀበለው አለ። ፕሮቴስታንት ወላጅ ላለው ደግሞ ያመኑበትን ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ በ30 ዓመታቸው ካመኑ ልብ ውስጥ የገባው መዝሙር የዛ ጊዜው ነው፣ ከዛ በፊት የነበረውን ዘፈን ምናልባት ራሳቸው መስማት አይፈልጉም ይሆናል፣ ይሄ ፍላጎት ደግሞ መከበር አለበት።

እንባ ሲመጣስ? መጀመሪያ እኛ ቶሎ እንዘጋው ነበር። አሁን የምናየው ሌላውን ሰውነቷን ነው። እንባ ወርዶ ትከሻዋ ከላላ፣ እጄን ከያዘች፣ ከንፈሯ ከዜማው ጋር ከሄደ፣ ያ ትዝታ ነው፣ ይውጣላት። ግንባሯ ከተኮማተረ፣ ጣቶቿ ነጠላውን ከጨበጡ፣ ለመነሳት ከሞከረች፣ ዓይኗ በር በር ካየ፣ ያን ጊዜ ባንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማጥፋትና ሌላ ነገር ማንሳት ነው። ከሰባቱ ሌላ አንድ የሰርግ ዘፈን ነበረ፣ በሰማችው ቁጥር እንዲህ ትሆን ነበር፣ አክስቴን ስጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና «15 ዓመቷ ነበር እኮ፣ ስትዳር ስታለቅስ ነው የወጣችው» አሉኝ። አጠፋነው። የወጣትነት ዘፈን ሁሉ ደስታ አይደለም። ዘመናቸው የደርግ ዘመን የሆነ ወላጆች ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል፣ የሰልፉ መዝሙር፣ የዘመቻው፣ ልጅና ወንድም የጠፋበት ሰሞን ሬዲዮ ላይ የነበረው፣ ዜማውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከሱ ጋር የሚመጣው ግን ፍርሃት ሊሆን ይችላል። የቤተሰቡን ታሪክ ሳታውቁ አትክፈቱ።

ፈተናም አታድርጉት። «ይሄ ማን ነው የዘፈነው? እማዬ አስታወስሽው? የማን ሰርግ ላይ ነበር?» ስንል ፊቷ ይጠፋል፣ መልሱ ስለሌለ ታፍራለች፣ ከዘፈኑ ትወጣለች። ከሷ ጋር ማጨብጨብ ብቻ ይሻላል። እሷ ራሷ ካወራች ግን ተከተሉ፣ አንዴ እማዬ ዘፈኑ ሲያልቅ ከወንዝ ማዶ ስለነበረች አንዲት ቀይ ላም አሥር ደቂቃ አወራችን።

ምን አትጠብቁ? ትዝታዋ አይመለስም። ስሜን የምትረሳበት ቀን ብዙ ነው፣ ዘፍናም ትረሳዋለች። በ2018 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝነው ድርጅት 22 ጥናቶችን አይቶ ያለው ሙዚቃ ድብርትን ሊቀንስ፣ ጠቅላላ ባሕሪንም ሊያሻሽል ይችላል፣ በማስታወስ ላይ ግን ብዙም ለውጥ የለውም ነው፣ ቁጣና መቅበጥበጥ ላይም እንደዛው። በአሜሪካ 54 የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ላይ የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ለየሰው የተመረጠ ሙዚቃ ሰጥቶ፣ ሠራተኞቹ በሚያዩት መቅበጥበጥ ላይ ጎላ ያለ ለውጥ አላገኘም። ይሄን የምጽፈው ተስፋ ላስቆርጥ አይደለም፣ ዘፈን የሠራላት እናት አለች ማለትና ለሁሉም ይሠራል ማለት ስለሚለያይ ነው። እኛ ቤት ከአምስት ቀን ሦስቱን ይሠራል፣ ነጠላዋን አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሁለቱን ቀን አይሠራም፣ ያኔ አብረናት ወጥተን እስከ ሱቁ ደርሰን እንመለሳለን። ሰላሙም ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ብዙ አይቆይም፣ ለእማዬ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ በሱ አንድ ሰዓት ግን እራቷን ትበላበታለች፣ መድኃኒቷን ትወስድበታለች።

አንድ ነገር በጣም አደራ፣ ትናንት ደህና የነበረች እናት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጠች፣ ከወትሮው በላይ ካደናገራት ወይም ከደነዘዘች፣ ዘፈን ፍለጋ አትሂዱ፣ ሐኪም ጋር ውሰዷት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ ማነስ፣ የመድኃኒት መቀያየር፣ ሆድ ድርቀት እንኳን ሳይቀር አዛውንት ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ይታከማልም።

ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተውም አይሆንም፣ እኛ ያን ስህተት ሠርተናል። ሠራተኛችን ዘፈኑ እንደሚያረጋጋት ስታይ ከጠዋት እስከ ማታ ከፈተችው፣ በሁለት ሳምንቱ እማዬ ዘፈኑን እንደ ዝናብ ድምፅ ቆጥራ መስማት አቆመች። ለአሥር ቀን ከዘፈን ሙሉ በሙሉ አሳረፍናትና ተመለሰ። አሁን በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው።

ውጭ ሀገር ወላጃችሁን መንከባከቢያ ያስገባችሁ ደግሞ ሠራተኞቹ አማርኛ አይሰሙም፣ ስለዚህ ዘፈኑን ስልክ ላይ ጭናችሁ ብትሰጧቸው አይጠቅምም፣ የትኛው የሰርግ፣ የትኛው የጾም እንደሆነ አያውቁም። እህቴ የባሏን እናት ያስገባችበት ቦታ ያደረገችው ነገር ጥሩ ነው። አንድ ገጽ በነሱ ቋንቋ ጻፈች፣ በስንት ሰዓት ይከፈት፣ ከየትኛው ይጀመር፣ ምን ስታደርግ ይጥፋ፣ በጾም ወራት የቱ ብቻ ይከፈት፣ እና አንዲት የምትመለስ ቃል በነሱ ፊደል አነባበቧን ጽፋ አስተማረቻቸው። አንዷ ነርስ አሁን «ለምለም» ትላለች፣ ድምፁ ትንሽ ይጣመማል፣ እናትዬው ግን ለሷ ብቻ ነው የሚስቁት።

የመጨረሻው ስለ ራሳችሁ ድምፅ ነው። ከተቀዳው ይልቅ እማዬን የሚያናግራት ቁጭ ብለን ስንዘፍንላት ነው፣ ምክንያቱም የተቀዳው አይጠብቃትም። አውጪ ስለነበረች መጀመሪያ እኛ እያወጣን እሷ እንድትቀበል ስናደርግ አልሄደም፣ አክስቴ ሲነግሩኝ ነው የቀየርነው። አሁን እኔ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ በቀስታ አወጣላታለሁ፣ መጀመር ይከብዳታል፣ ከዛ ወደ ተቀባይነት እወርዳለሁ፣ ዝም ብዬ እያጨበጨብኩ እጠብቃለሁ። ከድሮው ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፣ የድሮውን ከፍታ ጉሮሮዋ አይደርስበትም። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ አምስት ሰከንድ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ እጄ ማጨብጨቡን ሳያቆም ልገባላት እልና እተወዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ስምንተኛው ላይ ታወጣለች፣ የሁለት ዘፈን ስንኝ ቀላቅላ፣ ምቱን ግን ሳትስት፣ እኛም ለምለም እንላለን።